«ፔኒሲሊን አይስማማትም»፦ ከልጅነት የቆየ የአለርጂ ማስታወሻ እንዴት ተመርምሮ እንደተሰረዘ

በሕክምና ካርዴ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» የሚል ማስታወሻ ነበረ። ኑሮዬን ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ ሳዛውር ማስታወሻውም አብሮኝ ተሻገረ፤ በመጀመሪያው የክሊኒክ ቀጠሮ የሰጡኝን ቅጽ ስሞላ አለርጂ በሚለው ክፍት ቦታ ላይ ፔኒሲሊን ብዬ ጻፍኩ፤ ነርሷም ወደ ኮምፒውተር አስገባችው። «ምን ዓይነት ምላሽ አስከተለ?» ለሚለው ጥያቄ የተመረጠው መልስ ግን «አይታወቅም» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ መስመር ከክሊኒክ ወደ ጥርስ ሐኪም፣ ከጥርስ ሐኪም ወደ ፋርማሲ ሲገለበጥ ኖረ እንጂ፣ መቼ ምን ሆነሽ ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው እርግዝናዬ ጊዜ በተደረገልኝ ምርመራ አለርጂው እንደሌለብኝ ተረጋገጠ። ተመሳሳይ ማስታወሻ ላለባቸው ሰዎች፣ በተለይም ለነፍሰ ጡሮች፣ ምርመራው ምን እንደሚመስልና ውጤቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ያየሁትንና ከሐኪሞቼ የተረዳሁትን በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

ማስታወሻው የሚያስከትለው ጉዳት የታየኝ በመጀመሪያው ወሊዴ ነው። እዚህ አገር ነፍሰ ጡር ሴት 36ኛው ወይም 37ኛው ሳምንት ላይ ስትደርስ ከብልትና ከፊንጢጣ አካባቢ ናሙና ይወሰድና ግሩፕ ቢ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ባክቴሪያው እናቲቱን ብዙውን ጊዜ ምንም አያደርጋትም፤ በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ከተላለፈ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም መመረዝ፣ የሳንባ ምች ወይም የማጅራት ገትር በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ባክቴሪያው የተገኘባት ሴት ምጥ ሲጀምራት ፔኒሲሊን በደም ሥር ይሰጣታል፤ የተለመደው መጠን መጀመሪያ 5 ሚሊዮን ዩኒት፣ ከዚያም እስክትወልድ ድረስ በየ4 ሰዓቱ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊዮን ዩኒት ነው። እኔም ባክቴሪያው ተገኘብኝ፤ ፔኒሲሊኑ ግን በማስታወሻው ምክንያት ተከለከለ። ቀጥሎ የታሰበው ክሊንዳማይሲን ነበር፤ ነገር ግን ላቦራቶሪው ባክቴሪያው ይህን መድኃኒት የተላመደ መሆኑን አሳወቀ። በልጅነቴ የደረሰብኝ ነገር ቀላል ሽፍታ እንደነበር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነው ሴፋዞሊን ሊሰጠኝ ይችል ነበር፤ «አይታወቅም» የሚለውን ያነበቡት ሐኪሞች ግን ያንን አልደፈሩም። የቀረው ቫንኮማይሲን ነበርና እርሱ ተንጠለጠለልኝ።

ቫንኮማይሲን ቀስ ብሎ መግባት ያለበት መድኃኒት ነው። የእኔ ፍጥነቱ በዛ መሰለኝ፣ ብዙም ሳይቆይ ፊቴና አንገቴ ቀላ፣ የራስ ቅሌ ቆዳ ክፉኛ አሳከከኝ። አዋላጇ ፍጥነቱን ስትቀንሰው ሁሉም ነገር ለቀቀኝ። እንዲህ ያለው መቅላት መድኃኒቱ በፍጥነት ሲገባ የሚመጣ የታወቀ ጠባይ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ አለርጂ አይደለም። ሆኖም ከሆስፒታሉ ስወጣ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ ከፔኒሲሊን ሥር ቫንኮማይሲንም በአለርጂነት ተመዝግቦ አገኘሁት። አንድ ያልተጣራ ማስታወሻ ሁለተኛ ማስታወሻ ወለደ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ፣ ሕፃኑን በመከላከል ረገድ ቫንኮማይሲን የፔኒሲሊንን ያህል የተረጋገጠ ስላልሆነ፣ ልጄ በቂ መከላከያ እንዳላገኘ ተቆጥሮ ለሁለት ቀን ያህል ሙቀቱና አተነፋፈሱ በየጊዜው እየተለካ በሆስፒታሉ ቆየን። ልጁ ጤነኛ ነበር፤ ያ ሁሉ ክትትል ግን የመጣው በልጅነቴ ከወጣብኝ ሽፍታ ነው።

በሁለተኛው እርግዝናዬ የተከታተሉኝ ሐኪም በመጀመሪያው ቀጠሮ የአለርጂውን ዝርዝር ሲያዩ ወደ አለርጂ ሐኪም ላኩኝ። በእርግዝና ጊዜ እንዲህ ያለ ምርመራ ይደረጋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ግን ምርመራው በእርግዝና ጊዜ አደጋ የሌለው መሆኑን ገልጾ፣ በፔኒሲሊን አለርጂ ለተመዘገቡ ነፍሰ ጡሮች ይመክረዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ ከባድ ምክንያት አለ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ቂጥኝ ቢገኝባት ጽንሱን ጭምር ለማዳን ብቃቱ የተመሰከረለት መድኃኒት ፔኒሲሊን ብቻ ነው፤ እውነተኛ አለርጂ ያለባት ሴት እንኳ ሰውነቷ በሆስፒታል ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እንዲለምደው ተደርጎ ይሰጣታል እንጂ በሌላ አይተካላትም።

የአለርጂ ሐኪሟ ገና ምንም ሳይወጉኝ ረዘም ላለ ጊዜ ጥያቄ ጠየቁኝ። እኔ ከ«ሽፍታ ወጣብኝ» ያለፈ መልስ ስላልነበረኝ አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ጋ እንድደውል ጊዜ ሰጡኝ። ሊያውቁ የፈለጉት መድኃኒቱ ምን እንደነበር፣ ሽፍታው የወጣው በመጀመሪያው ሰዓት ይሁን ወይስ ከቀናት በኋላ፣ ከንፈሬና ዐይኔ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ወይም ራሴን ስቼ እንደነበር፣ ቆዳዬ ተልጦ ወይም አፌ ቆስሎ እንደነበር፣ ሆስፒታል ተኝቼ እንደነበር፣ ከዚያ በኋላስ ሳላውቀው የፔኒሲሊን ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት ወስጄ እንደነበር ነው።

እናቴ ነገሩን እንደ ትናንት ታስታውሰው ነበር። «ቶንሲልሽ አብጦ አልበላ ብለሽ ጤና ጣቢያ ወሰድኩሽ፤ ያንን ሮዝ ሽሮፕ ሰጡሽ። ትኩሳቱ ከለቀቀሽ በኋላ ነው ሆድሽና ጀርባሽ ቀይ ቀይ ያለው። አንቺማ ትጫወቺ ነበር፣ እኔ ነኝ የደነገጥኩት» አለችኝ። ማበጥ፣ ማስመለስ፣ ትንፋሽ ማጠር አልነበረም። ሽሮፑ ሲቆም ሽፍታው ያለ ምንም መድኃኒት በሳምንት ገደማ ጠፋ። ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበረው ባለሙያ ከእንግዲህ ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት ብሎ በቀይ እስክሪብቶ በካርዴ ላይ ጻፈ። በዚያ ሰዓት ሽሮፑን ማስቆሙና መጻፉ ተገቢ ጥንቃቄ ነበር፤ ጉድለቱ ለጊዜው የተወሰደው ጥንቃቄ ዳግመኛ ሳይታይ የዕድሜ ልክ ብይን ሆኖ መቅረቱ ነው። እናቴ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ለጥርስ ሕመም ከፋርማሲ የተገዛ ባለ ሁለት ቀለም ክኒን ውጬ እንደነበርም አነሳች። የፔኒሲሊን ቤተሰብ የሆነው አምፒሲሊን ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም እርሷም እኔም ስሙን እርግጠኛ አልነበርንም። ሐኪሟ እንደነገሩኝ፣ ከመጀመሪያው ሽፍታ በኋላ አምፒሲሊን ወይም ዘመዱ አሞክሳሲሊን በስሙ ተለይቶ ያለ ችግር መወሰዱ የተረጋገጠ ቢሆን ኖሮ፣ ማስታወሻውን ያለ ምንም መርፌ ለማንሳት ያ ብቻ በቂ ነበር። ስለዚህ ወደ ምርመራ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ወላጆቹን ይጠይቅ፤ አሮጌ የመድኃኒት ማዘዣ ወይም ካርድ ካለም ይፈልግ።

የእናቴ ታሪክ ሐኪሟን ምንም አላስደነቃቸውም፤ በየሳምንቱ የሚሰሙት ነውና። በአሜሪካ ከ10 ሰዎች መካከል አንዱ ገደማ የፔኒሲሊን አለርጂ አለበት ተብሎ ተመዝግቧል፤ ከእነዚህ ውስጥ በአግባቡ ሲመረመሩ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት መድኃኒቱን ያለ ችግር ይወስዳሉ። በልጆች ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ምንጩ ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ነው። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም የሚያመጡ ብዙ ቫይረሶች በራሳቸው ሽፍታ ያወጣሉ፤ ልጁ በዚያው ሰሞን አሞክሳሲሊን እየወሰደ ከሆነ ግን ጥፋተኛው መድኃኒቱ ይመስላል። ኤፕስታይን ባር የሚባለው ቫይረስ ሲይዝ ደግሞ አሞክሳሲሊንና ቫይረሱ አንድ ላይ ሆነው መላ ሰውነትን የሚያለብስ ሽፍታ ያስከትላሉ፤ ያው ሰው ከዳነ በኋላ መድኃኒቱን ቢወስድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ አሞክሳሲሊን ሽፍታ አወጣባቸው የተባሉ 818 ልጆች በክትትል ሥር እንደገና እንዲወስዱት ተደርጎ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል፤ 94 በመቶ ያህሉ ያለ ምንም ምላሽ ወስደውታል። ከቀሩት አብዛኞቹም ያሳዩት ዘግይቶ የመጣ ቀላል ሽፍታ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። በልጅነታቸው እውነተኛ አለርጂ የነበረባቸው ሰዎችም ቢሆኑ ሁሉም ከአለርጂው ጋር አያረጁም። አናፊላክሲስ የሚባለውን ድንገተኛና ከባድ ምላሽ የሚያስነሣው በደም ውስጥ ያለ ፀረ አካል መድኃኒቱን ካላገኘ በዓመታት ውስጥ እየከሰመ ይሄዳል፤ ከ10 ዓመት በኋላ ከእነዚህ ሰዎች 80 በመቶ የሚሆኑት አለርጂው ለቋቸው ይገኛል። ማቅለሽለሽና ተቅማጥን አለርጂ ብሎ መመዝገብም የተለመደ ነው፤ «አባቴ አለርጂ አለበት» ብለው ለጥንቃቄ የሚያስመዘግቡም አሉ፤ ይህ ደግሞ በዘር የሚወረስ ስላልሆነ በምንም መንገድ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሐኪሟ የሚጠቀሙበት ፔን ፋስት የሚባል አጭር የነጥብ አሰጣጥ አለ፤ አውስትራሊያ ውስጥ የተዘጋጀ ሲሆን ማንም ሊከተለው የሚችል ነው። ምላሹ ከደረሰ 5 ዓመት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 2 ነጥብ፣ አናፊላክሲስ፣ የፊትና የከንፈር እብጠት ወይም ከባድ የቆዳ መላጥ ከነበረ 2 ነጥብ፣ ለምላሹ ሕክምና አስፈልጎ ከነበረ ወይም መደረግ አለመደረጉ ካልታወቀ 1 ነጥብ ይሰጣል። የእኔ ድምር ዜሮ ሆነ። ዜሮ ያገኘ ሰው እውነተኛ አለርጂ የመገኘት ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ 1 ወይም 2 ያገኘ 5 በመቶ፣ 3 ያገኘ 20 በመቶ ገደማ፣ ከዚያ በላይ የሆነ ደግሞ ግማሽ ያህል ዕድል አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ በታተመ ፓላስ በተባለ ጥናት፣ ድምራቸው ከ3 በታች የሆነ አዋቂዎች ያለ ቆዳ ምርመራ በቀጥታ በክትትል ሥር መድኃኒቱን ሲውጡ፣ አስቀድሞ ቆዳቸው ከተመረመረው የተለየ አደጋ አልገጠማቸውም፤ በሁለቱም ወገን ምላሽ ያሳየው አንድ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ነፍሰ ጡር ባልሆን ኖሮ እኔም በቀጥታ አንድ ክኒን ውጬ እሄድ ነበር። ሐኪሟ ግን ነፍሰ ጡሮችን በቆዳ ምርመራ መጀመር ይመርጣሉና በዚያው ጀመርን። ከመጠን በላይ ጥንቃቄ ነው የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ እኔ ግን አልተቃወምኩም።

ከቀጠሮው በፊት የተሰጠኝ ዋና ማሳሰቢያ እንደ ሴቲሪዚን ያሉ የአለርጂ ክኒኖችን፣ በፋርማሲ የሚሸጡ አንዳንድ የጉንፋንና የእንቅልፍ መድኃኒቶችንም ጭምር፣ ሳምንት ያህል ቀደም ብዬ እንዳቆም ነበር። እነዚህ መድኃኒቶች የቆዳን ምላሽ ስለሚያፍኑ ምርመራው ዋጋ የለሽ ይሆናል። የእርግዝና ቫይታሚን ግን አይቆምም። የአስም ሕመም ያለበት ሰው አስሙ ባገረሸበት ሰሞን፣ ትኩሳት ያለበትም እስኪሻለው ድረስ ቀጠሮው ይተላለፍለታል።

በቀኑ ነርሷ የግራ ክንዴን ውስጠኛ ክፍል በአልኮል ጠርጋ በብዕር ምልክት አደረገችና በየምልክቱ አጠገብ ጠብታ አኖረች። አንዱ ጠብታ ተራ የጨው ውኃ ነው፤ እርሱ ምንም ማሳየት የለበትም። አንዱ ሂስታሚን ነው፤ እርሱ የግድ ማበጥና ማሳከክ አለበት፤ ካላበጠ ቆዳው በሆነ መድኃኒት ታፍኗል ማለት ስለሆነ የሌሎቹ ውጤት አይታመንም። የቀሩት ፔኒሲሊን በሰውነት ውስጥ ሲሰባበር የሚፈጥረውን ዋና ቁራጭ የያዘው ፔኒሲሎይል ፖሊላይሲንና በልኩ የቀጠነ ፔኒሲሊን ጂ ናቸው። በየጠብታው ላይ በትንሽ የፕላስቲክ መርፌ ቆዳዬን ጫር አደረገች፤ ደም አይወጣም፣ ሕመሙም ከቁንጥጫ ያነሰ ነው። 15 ደቂቃ ጠብቀን የሂስታሚኑ ቦታ አብጦ ቀላ፣ ክንዴን እንዳላክ ነርሷ እየተቆጣች ጠበቀችኝ። ሌሎቹ እንደ ነበሩ ቀሩ። ከዚያ ሁለተኛው ደረጃ ቀጠለ፤ እነዚያኑ ፈሳሾች በጣም ቀጭን በሆነ መርፌ ከላይኛው ቆዳ ሥር በጥቂቱ ከተተችና ትንንሽ ጉብታዎች ተሠሩ። ይኼኛው ትንሽ ያቃጥላል። የጉብታዎቹን ጠርዝ በብዕር ከበበቻቸው፣ ከሌላ 15 ደቂቃ በኋላም በማስመሪያ ለካቻቸው። ከጨው ውኃው ጉብታ በ3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ በልጦ፣ ዙሪያውም ቀልቶ ቢገኝ ኖሮ ውጤቱ ፖዘቲቭ ይሆን ነበር። የእኔ አልጨመረም።

የቆዳው ምርመራ ነጌቲቭ መሆኑ ብቻውን ግን ማስታወሻውን አያሰርዝም፤ ጥቂት ሰዎች ያመልጡታልና። ስለዚህ መጨረሻው ሁልጊዜ መድኃኒቱን መዋጥ ነው። 500 ሚሊ ግራም አሞክሳሲሊን በውኃ ሰጡኝ፤ ታሪካቸው ይበልጥ የሚያሳስብ ሰዎች መጀመሪያ የመጠኑን አንድ አሥረኛ፣ ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላም ቀሪውን ይወስዳሉ። የደም ግፊቴ፣ የልብ ምቴና አተነፋፈሴ ከመዋጤ በፊትና በኋላ ተለካ፤ የቆዳዬም ሁኔታ በየጊዜው ታየ፤ አንድ ሰዓት በክሊኒኩ ተቀመጥኩ። ድንገተኛ ከባድ አለርጂ ቢነሣ የሚሰጠው የኢፒነፍሪን መርፌ በጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። አሞክሳሲሊን የተመረጠበት ምክንያት የፔኒሲሊን ዋና አካል ስላለው ብቻ ሳይሆን የራሱ የጎን ቅጥያም ስላለው ነው፤ እርሱን የቻለ ሰው ፔኒሲሊን ጂንም አሞክሳሲሊንንም ሊወስድ ይችላል።

እውነቱን ለመናገር፣ ክኒኑን እንደዋጥኩ ጉሮሮዬ የጠበበ መሰለኝ። ነርሷ ጉሮሮዬን አየች፣ የኦክስጅን መጠኔን ለካች፣ ሽፍታ ፈለገች፤ ምንም አልነበረም። ለዓመታት ተጠንቀቂ የተባለ ሰው እንዲህ ቢሰማው የማይጠበቅ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ የሚታወቀው በሚታይና በሚለካ ምልክት ነው። እውነተኛ ፈጣን አለርጂ ከቆዳ ከፍ ብሎ የሚነሣ፣ ክፉኛ የሚያሳክክና ቦታ እየቀያየረ የሚጠፋ ሽፍታ፣ የከንፈር ወይም የምላስ እብጠት፣ ሲተነፍሱ የሚሰማ ፉጨት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ ወይም የደም ግፊት መውረድ ያመጣል። አንድ ሰዓቱ አልቆ ከመውጣቴ በፊት በሚቀጥሉት ቀናት ሽፍታ ብመለከት ፎቶ አንሥቼ እንድደውል ታዘዝኩ፤ ዘግይቶ የሚመጣ ምላሽ በክሊኒኩ ቆይታ ውስጥ አይታይምና። አልወጣብኝም።

ይህ ምርመራ ለሁሉም ሰው አይደለም፤ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ፔኒሲሊን ወስዶ ቆዳው ውኃ ቋጥሮ የተላጠበት፣ አፉ፣ ዐይኑ ወይም ብልቱ የቆሰለበት፣ ጉበቱ ወይም ኩላሊቱ የተጎዳበት፣ የደም ሴሎቹ የተሰባበሩበት ሰው ዳግመኛ እንዲሞክረው አይደረግም፤ የቆዳ ምርመራውም እነዚህን አደጋዎች አስቀድሞ አያሳይም። በትኩሳትና በመገጣጠሚያ እብጠት የታጀበ ሽፍታ የነበረበትም ለሐኪሙ ሊናገር ይገባል። የቅርብ ጊዜ አናፊላክሲስ የደረሰበት ሰው ሊመረመር ይችላል፤ ግን በአለርጂ ሐኪም እጅ፣ በቆዳ ምርመራ ተጀምሮ ነው። የማንም ታሪክ ምንም ያህል ቀላል ቢመስል፣ ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን አንሥቶ «እስቲ ልሞክረው» ማለት ግን ፈጽሞ የሚደረግ አይደለም።

በአገራችን ይህ ጉዳይ ከወሊድም በላይ የሚከብድበት ቦታ አለ። በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም በሚመጣው የሩማቲክ ልብ ሕመም የተያዙ ወጣቶች በሽታው እንዳይብስባቸው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን በመርፌ ይወስዳሉ፤ ለብዙ ዓመታትም ይቀጥላሉ። መርፌው ወፍራምና የሚያም ስለሆነ ከሕመሙና ከፍርሃቱ የተነሣ ወዲያው የሚወድቁ አሉ። ይህ ዓይነቱ መውደቅ መገርጣት፣ ቀዝቃዛ ላብና ቀስ ያለ የልብ ምት አለው፤ ሽፍታም እብጠትም የለውም፤ ሰውየው ተጋድሞ እግሩ ከፍ ሲል ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሰው የፔኒሲሊን አለርጂ አለበት ብሎ መመዝገብ ልቡን የሚጠብቅለትን መድኃኒት መንፈግ ነው። የልብ ቫልቮቻቸው በጣም የተጎዱባቸውን በተመለከተ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከመርፌው በኋላ የደረሱ አንዳንድ ድንገተኛ ሞቶች ከአለርጂ ይልቅ ከደከመው ልብ ጋር ሳይያያዙ እንዳልቀሩ ገልጾ፣ ለእነዚህ ሕሙማን በአፍ የሚወሰደውን እንዲመርጡ መክሯል። በዚህ ምክንያት ከመርፌ በኋላ የሆነውን ነገር በደቂቃው፣ ከልብ ምትና ከደም ግፊት ጋር ጽፎ ማስቀመጥ ለሚመጣው ሐኪም ትልቅ እርዳታ ነው።

በሁለተኛው ምጥ ጊዜ ባክቴሪያው እንደገና ተገኝቶብኝ ነበር። ፔኒሲሊን ጂ በደም ሥሬ ገባ፤ ሴት ልጄ የተወለደችው ከመጀመሪያው መጠን በኋላ ከ4 ሰዓት በላይ ቆይታ ስለነበር በቂ መከላከያ እንዳገኘች ተመዘገበላት።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው አድካሚ ሥራ የሚመጣው ከምርመራው በኋላ ነው። የአለርጂ ሐኪሟ በራሳቸው ክሊኒክ መዝገብ ላይ ፔኒሲሊኑን ሰርዘው፣ ቫንኮማይሲኑንም «በፍጥነት ሲገባ የሚያቀላ፣ አለርጂ ያልሆነ» ብለው አስተካክለውልኛል። የፋርማሲው ኮምፒውተር ግን ይህን አያውቅም ነበር፤ ከወራት በኋላ ለሳይነስ አሞክሳሲሊን ሲታዘዝልኝ ፋርማሲስቱ «አለርጂ አለብዎት፣ ልሰጥዎ አልችልም» ብሎ መለሰኝ። የጥርስ ሐኪሙ ዘንድም እንዲሁ ሆነ። አሁን በስልኬ ላይ የማኖረው አጭር ደብዳቤ የምርመራውን ቀን፣ የቆዳ ምርመራው ነጌቲቭ መሆኑን፣ 500 ሚሊ ግራም አሞክሳሲሊን ያለ ምላሽ መውሰዴን፣ ከእንግዲህ የፔኒሲሊን ቤተሰብ መድኃኒቶች ሊሰጡኝ እንደሚችሉና የሐኪሟን ፊርማ ይዟል። ደብዳቤው ሳይጠየቅ የሚሰጥ አይደለም፤ ከክሊኒኩ ሳይወጡ መጠየቅ ይገባል። «ከተመረመርኩ በኋላ አለርጂው ተመልሶ ይመጣ ይሆን?» ብዬ ጠይቄ ነበር፤ መድኃኒቱን በአፍ ከወሰዱ በኋላ እንደገና አለርጂ መሆን እጅግ የሚያጋጥም ነገር እንዳልሆነና የእኔ ዕድል ከማንም ሰው ዕድል የተለየ እንዳልሆነ ነገሩኝ።

ባለፈው ክረምት ልጄ ለጆሮ ሕመም አሞክሳሲሊን ስትወስድ ሆዷ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣባት። እናቴ በቪዲዮ ስታያት «ይኸው፣ የአንቺው ነው የወጣባት» አለች። እኔ ሽፍታውን በቀን ብርሃን ፎቶ አነሣሁትና እንዲህ ጻፍኩ፦ «አሞክሳሲሊን ሽሮፕ፣ በ6ኛው ቀን የወጣ፣ ጠፍጣፋና የማያሳክክ፣ ከሆድ ጀምሮ ወደ ጀርባ፤ የከንፈርና የዐይን እብጠት የለም፤ ማስመለስ የለም፤ ከዚያ በፊት ለሁለት ቀን ንፍጥና ትኩሳት ነበራት፤ ያለ ሕክምና እየጠፋ ነው።» የሕፃናት ሐኪሙ ይህን አንብበው በአለርጂ ቦታ ላይ ምንም አልጻፉም፤ ከማስታወሻው ጋር ፎቶውን አያይዘው «የቫይረስ ሽፍታ ሊሆን ይችላል፤ ከተሻላት በኋላ በክሊኒክ ውስጥ በክትትል ይሞከር» ብለው መዘገቡ። ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ተይዟል።